የእማዬ ነጫጭ ኪኒኖች

እማዬ እኔ ጋ ልትሰነብት ስትመጣ ሻንጣው እንዳይጣበብ ብላ መድኃኒቶቿን በሙሉ ከየካርቶኑና ከየእሽጉ ፈልቅቃ አንዲት ባዶ የክሬም እቃ ውስጥ ዘርግፋቸው መጣች፣ የግፊቱ የስኳሩ የአለርጂው ሁሉም አንድ ላይ። በማግስቱ ጠዋት "እስቲ ያቺን ነጯን የግፊቷን አቀብለኝ" አለችኝ። ከፈትኩት፣ ሁሉም ነጭ ነው 😂

"የቷ ነጭ?"
"ትንሿ ናታ!"

ትንሽ፣ ክብ፣ ነጭ የሆነ ብቻ ሦስት ዓይነት አለ እኮ! እሷ ግን በሙሉ ልቧ አንዷን አንስታ ወደ አፏ ስትሰድ እጇን ለቀም አድርጌ በቀጥታ ፋርማሲ ይዣት ሄድኩ።

ፋርማሲስቷ ትሪ ላይ ገለበጠችውና ትልልቆቹን አሽትታ "ይሄ የስኳሩ ሜትፎርሚን ይመስላል፣ ዓሣ ዓሣ ይላል" አለች። እማዬ ሆዬ "እኔ እኮ የክሬሙ ሽታ መስሎኝ!" ችግሩ አብረው ስለከረሙ አሁን ሁሉም ዓሣ ዓሣ ይላል። አንደኛዋ ላይ ፊደልና ቁጥር ታትሞባት ስለነበር ኮምፒውተር ላይ ፈልጋ የአለርጂዋ ሴትሪዚን መሆኗን አገኘች፣ የቀሩት ግን መሃላቸው ላይ መስመር ብቻ ነው ያላቸው፣ መስመሩ ደግሞ ለመግመስ ነው እንጂ ስም አይደለም። የተገመሱትማ ጭራሽ አይነሱ።

ወንድሜን ደውዬ ከቆሻሻ ውስጥ ካርቶኖቹን አስፈልጌ ፎቶ አስላክሁ፣ የግፊቱ አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም፣ ሌላኛው የስኳር ደግሞ ግሊቤንክላሚድ 5 ሚሊግራም ይላል። ጥሩ፣ እቃው ውስጥ ምን ምን እንዳለ አወቅን፣ የቷ የቷ እንደሆነች ግን ካርቶን አይናገርም። በዛ ላይ ያው መድኃኒት ፋብሪካው ሲቀየር መልኩም ይቀየራል።

"እናቴ፣ የግፊት ነው ብለው ግሊቤንክላሚዱን ቢደርቡበት ስኳርዎ ይወርዳል፣ ያልብዎታል፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ሊወድቁም ይችላሉ። ለትንሽ ልጅማ አንዷም አደገኛ ናት" ስትል እኔ ደርቄ ቀረሁ፣ ለካ ማታ ልጄ እቺኑ እቃ እንደ ጸናጽል ስታንሿሿት ነበር፣ ክዳኗ ደግሞ በጣት ነካ ሲያደርጓት የምትከፈት! (ደግነቱ አልከፈተችውም፣ አጠገቧ ነበርኩ።)

በመጨረሻ "በግምት አልለይም" ብላ ሁሉንም እንዲወገድ ተቀበለችን፣ ሐኪም ጋ ሄደን አዲስ ማዘዣ አጻፍን። አዲሱን ስትሰጠን ቦታ ካነሰ ካርቶኑን ብቻ ጣሉ፣ ኪኒኑ ከነእሽጉ ይሁን፣ ስትቆርጡም ስሙና የሚያበቃበት ቀን ያለበትን ጫፍ አታስቀሩ፣ ስንት ሰዓት እንደሚወሰድ የተጻፈበትም አብሮ ይጓዝ አለችን።

እማዬም በደንብ ገብቷታል። ቤት እንደገባን እያንዳንዱ ላይ ፕላስተር ለጥፋ በራሷ እጅ ጻፈችበት። አንደኛውን አንስቼ ሳነበው "የግፊት ነው መሰለኝ" ይላል።