አንዱን ተቀናሽ ሁለቴ ስቀንስ ሦስት ወር አለፈኝ

ይሄን የምጽፈው አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ሦስት ወር ሙሉ የማንንም ደንበኛ ባላስቸገርኩ ነበር ብዬ ስለማስብ ነው።

ሥራው ቀላል ነው የሚመስለው። ገዢው ብዙ ኢንቮይስ ሰብስቦ በአንዴ ይከፍላል፣ ባንክ ላይ የሚታየን አንድ ድምር ብቻ ነው፣ የትኛው ኢንቮይስ እንደተከፈለና ምን እንደተቀነሰ የሚነግረን ደግሞ ለብቻው የሚመጣው ረሚታንስ አድቫይስ ነው። የኛ ደንበኛ ኮምፒውተሮች የንግድ ሰነድ በሚለዋወጡበት በኤዲፋክት፣ REMADV በሚባለው መልዕክት ነበር የሚልከው፣ እኔ ደግሞ እሱን አንብቦ ሂሳብ ላይ የሚመዘግብ ፕሮግራም እንድጽፍ ተሰጠኝ።

ፋይሉን መቀበልና የክፍያውን መለያ ቁጥር ባንክ ከገባው ጋር ማገናኘት በሁለት ቀን አለቀ። ክሬዲት ኖት በ381 ኮድ እንደሚመጣና ቁጥሩ ያለ ማይነስ ቢጻፍም መቀነስ እንዳለበት አውቅ ነበር፣ እሱም አላስቸገረኝም።

ያበላሸሁት ተቀናሹን ነው። መልዕክቱ ላይ እንዲህ ነበር የሚመጣው፦

```
DOC+380+4472'
MOA+77:35000'
MOA+12:32500'
AJT+4'
MOA+165:2500'
```

380 ኢንቮይስ ማለት ነው፣ 4472 የኢንቮይሱ ቁጥር፣ 77 ሙሉ ዋጋው፣ 12 የተከፈለው፣ `AJT+4` ደግሞ ምክንያቱ፣ ማለትም ዕቃው ጎድሎ ደርሷል። ከሥሩ ያለው 165 የተቀነሰው መጠን ነው። አሁን ሳየው ግልጽ ነው፣ 35,000 ሲቀነስ 2,500 ራሱ 32,500 ነው፣ ስለዚህ 12 ላይ ያለው ቁጥር ተቀናሹ ወጥቶለት ነው የመጣው። የደንበኛው ጋይድ ግን "የማስተካከያው መጠን ከክፍያው ላይ ይቀነሳል" ነበር የሚለው። ተቀንሷል ነው ወይስ ገና ይቀነሳል? ዓረፍተ ነገሩን የጻፈው ሰው ላይ እስካሁን እናደዳለሁ፣ ግን ሦስት ቁጥር ደምሬ ማየት ሲገባኝ ወረቀት ያመንኩት እኔ ነኝ። ፕሮግራሜ ከ32,500 ላይ እንደገና 2,500 ቀነሰና 30,000 መዘገበ።

እዚህ ጋ ወዲያው መታወቅ ነበረበት። በዚያ ክፍያ 4471 ሙሉ 40,000 ተከፍሏል፣ 4472 32,500፣ ከዚያ የ1,500 ክሬዲት ኖት ሲቀነስ ባንክ የገባው 71,000 ነው። እኔ የመዘገብኩት 68,500። የ2,500 ልዩነት አለ፣ ሲስተሙ መቆም ነበረበት። አልቆመም፣ ምክንያቱም የሲስተሙ ማንዋል ልዩነት ካለ በራሱ ወደ "ያልተመደበ ክፍያ" ይግባ ስለሚልና እኔም እንደዛው ስላዋቀርኩት። የባንኩ ድምር ልክ መጣ፣ ሁሉም አረንጓዴ ሆነ፣ ማንም አላየውም።

ደንበኛው ግን በየወሩ የማስታወሻ ደብዳቤ ይደርሰው ነበር፣ 4472 ላይ 5,000 ይቀርብሃል የሚል። ሁለቴ መልስ ጻፉ፣ የኛ ሰዎች የተለመደ የክፍያ ክርክር መስሏቸው ዝም አሉ። በሦስተኛው ወር አካውንታንታቸው ራሷ ደወለች፣ እኔ ነበርኩ ያነሳሁት። "እኛ የቀነስነው 2,500 ነው፣ ሌላኛው 2,500 ከየት መጣ?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በጣም ነው ያፈርኩት።

ያልተመደበውን ሂሳብ ስከፍት ነገሩ በአምስት ደቂቃ ታየ፦ በእያንዳንዱ ክፍያ ላይ የተንሳፈፈው መጠን በዚያው መልዕክት ውስጥ ካሉት ተቀናሾች ድምር ጋር አንድ ነው። እናንተም ጋ እንዲህ እኩል ከመጣ ሌላ ምክንያት ከመፈለጋችሁ በፊት ሁለቴ እየቀነሳችሁ እንደሆነ አረጋግጡ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ማንዋሉ ከሚለው ተቃራኒ ነው። የመስመሮቹ ድምር፣ መልዕክቱ መጨረሻ ከ`UNS+S` በኋላ የሚመጣው ጠቅላላ እና ባንክ የገባው ሦስቱም እኩል ካልሆኑ ምንም ነገር አይመዘገብም፣ ሰው ያየዋል። በራሱ ወደ ያልተመደበ የሚወስደውን አጠፋሁት። ሥራ ይበዛል ብለው ተከራከሩኝ፣ እኔ ግን ቢበዛም ይሻላል ባይ ነኝ። አዲስ ደንበኛ ሲመጣም ጋይድ አልጠይቅም፣ ተቀናሽ ያለባቸው ሦስት የቆዩ መልዕክቶችና ባንክ የገባውን መጠን ነው የምጠይቀው፣ ምክንያቱም ሁሉም ላኪ 12ን በአንድ መንገድ አይሞላውም።

ሌላው ደግሞ፣ ትንሽ ተቀናሽ ነው ብላችሁ አትሰርዙት። የምክንያት ኮዱን ይዞ ኢንቮይሱ ላይ ክፍት ይቆይ፣ 4 ከሆነ ወደ መጋዘን፣ 5 ከሆነ የዋጋ ጥያቄ ስለሆነ ወደ ሽያጭ ይሂድ። የ4472 ትክክለኛው 2,500 መጋዘን ሄዶ ሲጣራ ዕቃው እውነትም ጎድሎ ነበር፣ ክሬዲት ኖት ቆርጠን ዘጋነው። የሦስቱን ወር መልዕክቶች ሁሉ እንደገና አስገባሁና ለአካውንታንቷ የተስተካከለውን ሂሳብ ከይቅርታ ጋር ላክሁላት። ጋይዱ ላይ ያለው ዓረፍተ ነገር ይስተካከል ብዬም ጻፍኩላቸው፣ እስካሁን እንደዛው ነው።