ጉግሱን በቁም፦ የፈረስ ጭንቅላት ከቆረጥኩ በኋላ የተማርኩት

ባለፈው ወር አንድ ስልክ ተደወለልኝ። የደወሉት በጥምቀት ሰሞን ደብረ ብርሃን አጠገብ ጉግስ ሲጫወቱ የቀረጽኳቸው ጋሼ ናቸው። ሰላምታ እንኳን ሳይጨርሱ «አንተ ልጅ፣ ፈረሴን ምን አድርጎህ ነው አንገቱን የቆረጥከው?» አሉኝ።

ቲክቶክ ላይ የለጠፍኩትን ልጃቸው አሳይቷቸው ነው። ከፍቼ አየሁት። እውነታቸውን ነው። መሃል ላይ ባዶ ሜዳ አለ፣ በቀኝ በኩል የአንዱ ፈረስ አፍንጫ፣ በግራ በኩል ደግሞ ጭንቅላት የሌለው ፈረስ ይጋልባል። ስለጥፈው ያየሁት አቧራውንና የሕዝቡን ጩኸት ብቻ ነበር መሰለኝ።

ሥራዬ በአብዛኛው ሠርግ ነው። ሁሉንም በአግድም ነው የምቀርጸው፣ ደንበኛው በቴሌቪዥን ስለሚያየው። ወደ ቁም የመቀየሩን ነገር የጀመርኩት ከዓመት ወዲህ ነው። መጀመሪያ እንደ ሁሉም ሰው መሃሉን ቆርጬ እለጥፍ ነበር። ሙሽሮች መሃል ስለሚቆሙ ብዙም አልተቸገርኩም። ጓሳ ሄጄ ጭላዳ ስቀርጽም ያው ነው፣ ጭላዳ ሳር ሲነጭ ቦታውን ለቆ አይሄድም። ጉድ የፈላው ጉግስ ላይ ነው።

ስሌቱን ካላወቅን ለምን እንደሚያስቸግር አይገባንም። 1920 በ1080 የሆነ አግድም ምስል ላይ ሙሉ ቁመቱን ይዘን ቁም ፍሬም ብንቆርጥ ወርዱ 608 ፒክስል ያህል ነው። ከሦስት እጅ ሁለቱን እጅ እንጥላለን ማለት ነው። እኔ የምስሉን ግማሽ የምይዝ ይመስለኝ ነበር። ያ የተረፈ ጠባብ መስኮት ደግሞ 1080 በ1920ን እንዲሞላ ወደ 178 በመቶ ይለጠጣል፣ ስለዚህ ምስሉ ይደበዝዛል። በ4ኬ ከቀረጽን ግን መስኮቱ ወርዱ 1215 ስለሚሆን መለጠጥ አያስፈልግም፣ እንዲያውም ይቀንሳል። የኔ የጉግስ ቀረጻ 4ኬ አልነበረም። ካርዴ ሞልቶ ነበር፣ ጥፋቱ የኔው ነው።

አሁን ወደ ጋሼ ፈረስ። ካሜራው ትራይፖድ ላይ ቆሞ አይንቀሳቀስም። ፈረሶቹ ከቀኝ ገብተው በግራ ይወጣሉ። አንዱ ጋሻውን ጀርባው ላይ አድርጎ ይሸሻል፣ ሌላው ዘንግ ይዞ ያሳድደዋል። ፈረሱን በፒክስል ለካሁት፤ ከአፍንጫ እስከ ጭራ 700 ያህል ነው። መስኮቴ 608 ነው። አንድ ፈረስ እንኳን ሙሉውን አይገባም! ይህን ሳላውቅ ነው ሁለት ፈረስ ላስገባ ስታገል የከረምኩት። የቆረጥኩትም በሁለቱ መካከል ያለውን ነጥብ ይዤ ነበር፣ ለዚህ ነው ባዶው ሜዳ መሃል የገባው።

ስለዚህ ሶፍትዌሩን ከመንካቴ በፊት ዋናው ማን እንደሆነ መወሰን ነበረብኝ። ለኔ ዋናው ወርዋሪው ነው፣ ዘንጉ ከእጁ እስኪወጣ ድረስ። ከዚያ በኋላ ዋናው ሸሺው ነው፣ ጋሻው መከተ አልመከተ የሚለውን ነዋ ሰው የሚጠብቀው። ይህን ወረቀት ላይ ከጻፍኩ በኋላ ሥራው ግማሽ ያህል ቀለለልኝ።

ወርዋሪውን መስኮቱ መሃል አላስቀመጥኩትም። ፈረሱ ወደ ግራ ስለሚሮጥ ከፊቱ ቦታ ይፈልጋል። ሰውየውን ከመስኮቱ ግራ ጠርዝ 400 ፒክስል ገባ አድርጌ አስቀመጥኩት። ከሰውየው እስከ ፈረሱ አፍንጫ 350 ነው፣ ስለዚህ ከአፍንጫው ፊት 50 ፒክስል ተረፈኝ። ከኋላ ዳሌውና ጭራው ይቆረጣል። ይቆረጥ። የሚሮጥ ነገር ከኋላው ቢቆረጥ ዓይን ይቅር ይላል፣ ከፊቱ ሲቆረጥ ግን ግድግዳ ሊመታ ይመስላል።

እንቅስቃሴው ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ፈረሱ 1920ውን ፒክስል በሦስት ሰከንድ ያህል ያቋርጣል፣ በሰከንድ 640 ማለት ነው። መስኮቴን በየሰከንዱ ሙሉ ወርዷን ያህል ማንቀሳቀስ አለብኝ። መጀመሪያ በየአምስት ፍሬሙ ኪፍሬም፣ ማለትም መስኮቱ በዚህ ሰዓት እዚህ ይሁን የሚል ምልክት፣ አስቀመጥኩ። ውጤቱ ቁንጫ እንደያዘው ሰው ሆነ፣ ምስሉ አንዴም አያርፍ። አሁን ለአንድ ሩጫ ከአራት ኪፍሬም አላልፍም። መስኮቱ ቀኝ ጠርዝ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ ፈረሱ ራሱ ይገባል። አፍንጫው ወደ መስኮቱ ግራ ጠርዝ ሲጠጋ መስኮቱ አብሮት ይነሳል። መጨረሻ ላይ ግራ ጠርዝ ደርሶ ይቆማል፣ ፈረሱ ወጥቶ ይሄዳል። መግባትና መውጣቱን ለፈረሱ ስንተውለት ፍጥነቱ ይታያል። ሙሉውን ከተከተልነው ግን ፈረሱ ቆሞ ሜዳው የሚሮጥ ይመስላል።

ሁለት ሳምንት የፈጀብኝ ነገር ደግሞ ይኸውላችሁ። የምሠራው በፕሪሚየር ነው። ክሊፑን 178 በመቶ ካሳደግኩት በኋላ በ`Position` የመጀመሪያው ቁጥር ቀኝ ጠርዙን ለማየት -628 ላይ፣ ግራ ጠርዙን ለማየት 1708 ላይ ይሆናል። አዎ፣ ግልብጥ ነው፤ የምናንቀሳቅሰው መስኮቱን ሳይሆን ከኋላው ያለውን ምስል ስለሆነ። እሱን ቶሎ ለመድኩት። ያልገባኝ ሌላ ነበር። መስኮቱ የሚጠብቅበት ቦታ ላይ ሁለት ኪፍሬም አስቀመጥኩ፣ ሁለቱም -628። በመካከላቸው መንቀሳቀስ የለበትም አይደል? ይንቀሳቀሳል! ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ከዚያ ይመለሳል። በቀኝ በኩልም ቀጭን ጥቁር መስመር ብቅ ትልና ትጠፋለች። ክሊፑን ደግሜ አስገባሁ። ኮምፒውተሩን አጠፋሁ አበራሁ። ኪፍሬሞቹን አጥፍቼ እንደገና ሠራሁ። መስመሯ አሁንም አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሪሚየር በኪፍሬሞች መካከል ያለውን መንገድ ራሱ ያጎብጠዋል። ቀጣዩ ኪፍሬም ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚሄድ፣ ከሱ በፊት ያለውን መንገድ ልክ እንደሚዘል ሰው ወደ ኋላ ያንደረድረዋል። እኔ ጠርዝ ላይ ስለቆምኩ ከኋላዬ ምስል የለም፣ ጥቁር ነው ያለው። መፍትሔው ኪፍሬሞቹን መርጦ በቀኝ ክሊክ `Spatial Interpolation` ውስጥ `Linear` ማለት ነው። በቃ። አሥር ሰከንድ የሚፈጅ ሥራ ነው። ጠርዝ ላይ ጥቁር መስመር ብልጭ ስትል ካያችሁ ሌላ ቦታ አትፈልጉ። ጠርዝ ላይ ካልቆማችሁ ደግሞ መስመሯ አትታይም፣ ምስሉ ብቻ ያለ ምክንያት ሲንሳፈፍ ታዩታላችሁ።

አነሳሱን ለማለስለስ `Ease Out` እጠቀም ነበር። እሱም መዘዝ አለው፤ መስኮቱ ቀስ ብሎ ሲነሳ ፈረሱ ጥሎት ይሄዳል። አሁን የመነሻውን ኪፍሬም አምስት ፍሬም አስቀድመዋለሁ። በ25 ፍሬም ቀረጻ የሰከንድ አንድ አምስተኛ መሆኑ ነው። ፈረሱን ለመቅደም ይበቃል።

የውርወራው ቅጽበት ቀረ። እጁ ወደ ኋላ ሲሄድ ሁለቱንም ማየት ግድ ነው። ከወርዋሪው እጅ እስከ ሸሺው ፈረስ አፍንጫ ለካሁ፣ 1000 ፒክስል ያህል መጣ። በቁም መስኮት አይሆንም። ከአንዱ ወደ ሌላው መስኮቱን ብወረውር ዘንጉ መንገድ ላይ ይጠፋል። ብዙ ካመነታሁ በኋላ ያቺን አንድ ሰከንድ ካሬ አደረግኳት፦ 1080 በ1080፣ ከላይና ከታች 420 ፒክስል ጥቁር። ከዚያ ወዲያው ቆርጬ በቁም ወደ ሸሺው ጋሻ። ካሬው ምንም ስለማይለጠጥ ከሌላው ሾት ይልቅ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ይህ ያልጠበቅኩት ጉርሻ ነው። አንዳንዶቻችሁ መሃል ላይ ቅርጽ መቀየር ነውር ነው ትሉኝ ይሆናል። ዘንጉ ሳይታይ ጉግስ ማሳየት ይብሳል ባይ ነኝ።

ራሱ የሚቆርጠውን `Auto Reframe` ሞክሬዋለሁ። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሲያወራ ደህና ይሠራል፣ የሠራውንም ኪፍሬም ገብቶ ማረም ይቻላል። ጉግስ ላይ ግን ከአንዱ ፈረስ ወደ ሌላው፣ ከዚያም ነጭ ጋቢ ወደለበሰ ተመልካች ይዘላል። እኔ ትቼዋለሁ።

መንዝ ላይ አባትና ልጅን ጎን ለጎን አስቀምጬ ያደረግኩት ቃለ ምልልስ በሌላ መንገድ ተፈታ። አባትየውን ከላይ፣ ልጁን ከታች ደረብኳቸው። እያንዳንዳቸው 1080 በ960 ይይዛሉ። ከምስሉ ግራና ቀኝ ግማሽ 960 ፒክስል ወርድ ብንወስድ የሚለጠጠው ወደ 113 በመቶ ብቻ ነው፣ ከ178ቱ ጋር አይወዳደርም። ልጁን ግን አገጩን ትንሽ ከፍ አድርጉት። የመተግበሪያው ጽሑፍ የታችኛውን ክፍል ስለሚሸፍን አፉ መግለጫው ሥር ይገባል። የኔው ልጅ ለአንድ ቀን ሙሉ በሃሽታግ ታፍኖ ውሏል።

የጣርማ በር ገደልን ደግሞ አልቆርጠውም። አግድም እንዳለ መሃል ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ ከላይና ከታች ጥቁር። ያን ራሱን ምስል አደብዝዞ ጀርባ ላይ መዘርጋት የሚባለውን አልወደውም። እኔ «ብርድ ልብስ» ነው የምለው። የደብረ ብርሃን ሰው ብርድ ልብስ አልጠላም፣ አልጋ ላይ ሲሆን።

አሁን በአግድም ስቀርጽም ቁሙን እያሰብኩ ነው። የካሜራዬን ስክሪን ቁመት በማስመሪያ ለካሁት፣ 3.7 ሴንቲሜትር። በዘጠኝ አባዝቼ ለአሥራ ስድስት ሳካፍለው 2.1 ሆነ። መሃል ላይ 2.1 ሴንቲሜትር ትቼ ግራና ቀኝ ቀጭን ፕላስተር ለጠፍኩ። ፈረሰኛው በፕላስተሮቹ መካከል የማይገባ ከሆነ እዚያው ሜዳ ላይ አውቀዋለሁ፣ ወደ ኋላ እሸሻለሁ።

የተስተካከለውን ክሊፕ ትናንት ለጋሼ ልጅ ላክሁት። ማታ ደወሉ። ጭንቅላቱ አለ፣ ልጓሙ ይታያል፣ ዘንጉም ሲወረወር ይታያል፣ ደስ ብሏቸዋል። ትንሽ ዝም አሉና «ጭራውስ የታለ?» አሉኝ።