«የሲኤምሲዋ አለች?»

አምና ኅዳር ላይ ነው። ቦሌ አካባቢ ባለ አንድ አነስተኛ የቤት አሻሻጭ ድርጅት ውስጥ የቲክቶኩን ሥራ ይዤ ነበር። ከእኔ በፊት ቪዲዮ የሚለቀቀው አንዱ ሻጭ ሲመቸው ነው። አንዳንድ ቀን አምስት ይለቀቃል፣ ከዚያ ሁለት ሳምንት ጭጭ። ሥራ አስኪያጇ «ይሄን ነገር መልክ አስይዥልኝ» አለችኝ። እኔም ኮንተንት ካላንደር ሠራሁ።

እውነት ለመናገር ካላንደሩ ሲያዩት ያምር ነበር። ቀን፣ ሰዓት፣ የቤቱ ሰፈር፣ የቪዲዮው ፋይል፣ ከሥር የሚጻፈው ጽሑፍ። በሳምንት አራት ቪዲዮ። ማክሰኞ አፓርታማ፣ ሐሙስ ቪላ፣ ቅዳሜ የሳምንቱ ምርጥ ቤት፣ እሑድ ኮንዶሚኒየም። እያንዳንዱ በቀለም ተለይቷል። አሥራ ሁለት ቤት በሁለት ቀን ቀርጸን ጨረስን። ቁልፍ ከየዘበኛው እየተቀበልን፣ ብርሃኑ ሳሎን በሚገባበት ሰዓት እየተሯሯጥን። ከዚያ የሦስት ሳምንቱን ቪዲዮ በቀጠሮ እንዲለቀቅ አስገብቼ እፎይ አልኩ።

የቅዳሜዋ ቤት ሲኤምሲ ያለች ባለ ሦስት መኝታ ነበረች። አራተኛ ፎቅ፣ 145 ካሬ። ቪዲዮውን የጀመርኩት ከግቢው በር ሳይሆን ከወጥ ቤቱ መስኮት ነው። መጋረጃው ሲገለጥ ጠዋት ፀሐይ ይገባል። 35 ሰከንድ ብቻ። ዋጋውን በድምፄ ተናገርኩት፣ በትልቁም ምስሉ ላይ ጻፍኩት። እስከዛሬ ከሠራኋቸው ሁሉ እሷን እወዳታለሁ።

ሐሙስ ከሰዓት ቤቷ ተሸጠች። የሸጣት ልጅ በቴሌግራም ግሩፓችን «የሲኤምሲዋ አለቀች» ብሎ ጻፈ። ግሩፑ ውስጥ በቀን መቶ መልእክት ይገባል። ካርታ ላኩልኝ፣ ቁልፉ ማን ጋ ነው፣ ምሳ ማን ይዟል። መልእክቱን አላየሁትም እንዳልል አውራ ጣት አድርጌበታለሁ። ካላንደሩ ግን ኮምፒውተሬ ላይ፣ መሸጧ ደግሞ ስልኬ ላይ ነው። ሁለቱን አላገናኘኋቸውም።

ሁለተኛው ጥፋት የሰዓት ነው። ካላንደሬ ላይ «ቅዳሜ 2:00» ብዬ ጽፌያለሁ። በእኛ ማታ ሁለት ሰዓት ማለቴ ነው፤ ሰው እራቱን በልቶ ስልኩን የሚያነሳበት። ቀጠሮውን ሳስገባም ጣቴ 02:00 መታ። አፑ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነውና ቪዲዮው የተለቀቀው ለቅዳሜ አጥቢያ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ነው። አዲስ አበባ ተኝታለች። ዋሽንግተን ግን በዚያ ወር ከእኛ ስምንት ሰዓት ወደኋላ ስለምትሆን፣ እዚያ ዓርብ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። የሳምንቱን ሥራ ጨርሰው ሶፋቸው ላይ የተቀመጡበት።

ቅዳሜ ጠዋት ቢሮ አልገባሁም። ቪዲዮው ማታ ነው የሚወጣው ብዬ ቤቴ ቡና እያፈላሁ ነበር። ስልክ የምታነሳው ልጅ ስትገባ ከአርባ በላይ መልእክት ጠብቋታል። አብዛኛው ከአሜሪካ ነው። ልጅቷ መሸጧን አታውቅም፣ ቪዲዮው ግን ሌሊቱን የወጣ ነው። ትኩስ ቤት መሰላት። «አለች፣ ሰው ይላኩ» እያለች መለሰች። ማንም ቢሆን እንዲያ ይመልሳል።

አንዲት ሜሪላንድ የምትኖር ሴት የአዳማ ወንድሟን ላከች። ሰውየው ሥራውን ትቶ፣ ታክሲ ተኮናትሮ መጣ። ልጅቷ ሎኬሽን ላከችለት። አራተኛ ፎቅ ሲደርስ በሩ ክፍት ነው። ገዢው ፍሪጅ እያስገባ ነበር። ወንድምየው መጀመሪያ ሠራተኛ መስሎት «ባለቤቱ የት አሉ?» ብሎ ጠየቀው።

ስልኩ ለእኔ ተላለፈ። «ይቅርታ ጋሼ፣ የእኛ ስህተት ነው» አልኩ።

«የእኔ ልጅ፣ ስህተት አይደለም» አለኝ። አልጮኸም። «ያለቀ ቤት አሳይታችሁ ሌላ ልትሸጡልኝ ነው። ደላላ ሁሉ አንድ ነው። እኔ ግን እህቴን ምን ልበላት?»

ምን ይባላል? የተናገረው ነገር በሰፈራችን የለም አይባልም። የሌለ ጥሩ ቤት እያሳየ ስልክ የሚሰበስብ ደላላ ሞልቷል። እሱ እኔን ከእነሱ የሚለይበት ምንም ምልክት አልነበረውም። የታክሲውን ድርጅቱ ከፈለው፤ ሥራ አስኪያጇም ሰኞ ጠርታኝ «ካላንደርሽ ቀኑን ያውቃል፣ ቤቱን አያውቅም» አለችኝ።

እንደ ገና ጀመርኩ። የመጀመሪያው ዓምድ ቀን መሆኑ ቀረና የቤቱ ቁጥር ሆነ። ከጎኑ ሻጩ ማን እንደሆነ፣ ከዚያ «አለ/የለም» የሚል፣ ከዚያ ያ መረጃ የተረጋገጠበት ቀንና ሰዓት። የሚለቀቅበት ቀን የመጣው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አንድ ቤት ከሦስት ቀን በላይ አስቀድሜ በቀጠሮ አላስገባም። በሚለቀቅበት ቀን ጠዋት ሻጩ እስከ አራት ሰዓት «አለ» ብሎ ለእኔ ለብቻዬ መጻፍ አለበት፣ ግሩፑ ላይ አይቆጠርም። ዝም ካለ ቪዲዮው ይወርዳል። ሻጮቹ መጀመሪያ ተነጫነጩ። የሁለቱ ቤት ሳይወጣ ሲቀር ግን ማንም ሳይጎተጎት መጻፍ ጀመረ።

ቪዲዮ ሲወርድ ቦታው ባዶ እንዳይሆን የማያልቁ ቪዲዮዎችን ለይቼ አስቀመጥኩ። ሁልጊዜ ሁለት በእጄ አለ። ለምሳሌ አንዱ ስለ ካሬ ነው። አልሚዎች አፓርታማ ሲሸጡ የሚጠሩት ካሬ ብዙ ጊዜ የደረጃውንና የመተላለፊያውን ድርሻ ይጨምራል። ስለዚህ ባዶ ክፍል ውስጥ በሜትር ለክቼ፣ ወረቀት ላይ ካለው ቁጥር ጋር ልዩነቱን አሳየሁ። ይሄ ቪዲዮ ዛሬም ነገም ቢወጣ ያው ነው። ቤት ግን እንደ ወተት ነው፤ ካደረ ማሽተት አለብህ።

ዋጋ ደግሞ በድምፅ መናገር አቆምኩ። ምስሉ ላይም አልጽፍም። አንዴ ከወጣ ቪዲዮው ውስጥ ያለውን ማረም አይቻልም፤ አጥፍቶ እንደገና ማውጣት ነው፣ ያ ደግሞ ከነእይታው ከነአስተያየቱ መጣል ነው። ዋጋው ከላይ በሚሰካ አስተያየት ይጻፋል። ባለቤቱ ነገ 300 ሺህ ቢጨምር ያንን አስተያየት ብቻ አጥፍቼ አዲስ እሰካለሁ። ሲሸጥም እዚያው «ተሽጧል» ይባላል፣ ጥቂት ቀን ይቆይና ቪዲዮው ለእኔ ብቻ እንዲታይ አደርገዋለሁ። አንዳንዱ ባልደረባዬ «ለምን? ደዋይ እያመጣ!» ይላል። ደዋይ ያመጣል፣ ልክ ነው። የአዳማውን ሰውዬም አምጥቷል።

ሰዓቱን አሁን ሁለቴ ነው የምጽፈው፦ «ማታ 2 ሰዓት / 20:00»። ያቺ ሌሊት ግን አንድ ነገር ጥላልኝ ሄደች። ውጭ ያሉ ሰዎች ይፈልጉታል ብዬ የማስበውን ቤት፣ አሁን አውቄ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ እለቀዋለሁ። ከታች «ስልክ የምናነሳው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ነው» ብዬ እጽፋለሁ፣ ስልክ የምታነሳው ልጅም ሰንጠረዡን ከፍታ ነው የምትመልሰው።

የሜሪላንዷ ሴት ከእኛ ቤት አልገዛችም። መከተሏን ግን አልተወችም። ቪዲዮ በወጣ ቁጥር ከሥር «ይቺስ አለች?» ብላ ትጽፋለች፣ ከሳቅ ምልክት ጋር። እኔም እመልስላታለሁ፦ «አለች። ዛሬ ጠዋት 3 ሰዓት ከ40 ላይ ነበረች።»