ስኩፑ ሚዛን ላይ ሲወጣ

ለሦስት ወር ያህል የቁርስ ሼኬን ደብተሬ ላይ የምጽፈው በቃሌ ነበር፤ ፕሮቲን 33 ግራም፣ 380 ካሎሪ። አንዴ ደምሬዋለሁ፤ በየቀኑ ማን ይደምራል?

ዛሬ ጠዋት አዲስ ፕሮቲን ፓውደር ከፈትኩ። ስኩፑ እንደተለመደው ከሥር ተቀብሯል። እጄን እስከ ክንዴ ነክሬ ሳወጣው ዱቄቱ ከአፉ ተርፎ ተቆልሎ ነበር፤ እኔም ሁልጊዜ የምጨምረው እንዲሁ ነው። መለያው ላይ ግን የተጻፈው «አንድ ስኩፕ፣ 30 ግራም» ነው፤ በውስጡ 24 ግራም ፕሮቲን፣ 120 ካሎሪ። ሚዛኑን አውጥቼ የኔን ቁልል ብመዝነው 36 ግራም ሆነ። በቢላ ጀርባ አፉን ስደመድመው ወደ 30 ወረደ።

24ን ለ30 ስናካፍል 0.8 ይመጣል፤ ከእያንዳንዱ ግራም ዱቄት 0.8 ግራሙ ፕሮቲን ነው ማለት ነው። ስለዚህ 36 ግራም ዱቄት 29 ግራም ገደማ ፕሮቲንና 144 ካሎሪ አለው። ይህስ ብዙ አያሳስብም፣ ልዩነቱ 24 ካሎሪ ነው።

ሙዙ ላይ አልተሳሳትኩም። ከነልጣጩ 176 ግራም፣ ተልጦ 118። የሚቆጠረው የተላጠው ነው፤ 105 ካሎሪ፣ ፕሮቲኑ ግን ከ1 ግራም ብዙም አያልፍም። ሙዝ ሼኩን ያጣፍጣል፣ ያወፍራልም፤ ለፕሮቲን ብሎ የሚጨምረው ካለ ግን ተሳስቷል።

ጉዱ ወተቱ ላይ ነው። ስሌቴ 250 ሚሊ ሊትር ያልተገፋ ወተት ይላል፤ ፕሮቲኑ 8 ግራም፣ ካሎሪው 155 ገደማ። እኔ ግን የምቀዳው ብሌንደሩ ላይ በዓይኔ የለመድኩት ቦታ እስኪደርስ ነው። ዛሬ እዚያው ድረስ ሞልቼ፣ መልሼ ወደ መለኪያ ኩባያ ገለበጥኩት፤ 400! በዚህ ልክ ፕሮቲኑ 13፣ ካሎሪው 250 ይደርሳል።

እንግዲህ እንደገና ደመርኩ። ፕሮቲን፦ 29፣ 1 እና 13፣ በድምሩ 43 ግራም። ካሎሪ፦ 144፣ 105 እና 250፣ ወደ 500። ከጻፍኩት በ120 ይበልጣል፤ ከዚህ ውስጥ 95ቱ የወተቱ ነው። ወገቤ ላይ ሱሪው ሲጠብ ጥፋቱን እራት ላይ ስጥል ከርሜ ነበር፤ ምስኪን እራት።

ከሰዓት በኋላ በ250 ወተትና በተደመደመ ስኩፕ ሠርቼ ሞከርኩት። ወፍሮ ብሌንደሩ ምላጭ ሥር ያዘ፣ ዱቄቱም ጎን ላይ ተጣበቀ። 100 ሚሊ ውሃ ጨመርኩበትና ተፈታ፤ ጣዕሙ ትንሽ ቀጥኗል፣ ይጠጣል ግን። ደብተሩ ላይ የዛሬ ጠዋቱን 380 ሰርዤ 500 ጻፍኩ፤ የሦስቱን ወር ግን እንዳለ ተውኩት።