ከእምቦጭ የሚነድ ጋዝ፦ በሦስት ጀሪካን የሠራነው ባዮጋዝ

ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። የሳይንስ ኤግዚቢሽን ሲደርስ የሚቀርበው የባዮጋዝ ሞዴል ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ቀለም የተቀባ ጀሪካን፣ አንድ ቱቦ፣ ጎኑ ላይ የተለጠፈ ማብራሪያ። ጋዝ የለውም። እኔ የፈለግሁት የሚነድና አንድ ጥያቄ የሚመልስ ሥራ ነበር።

ጥያቄው ደጃችን ላይ አለ። እምቦጭ ጣና ላይ መታየቱ ከታወቀ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ፣ ገበሬው እየነቀለ ዳር ላይ ይከምረዋል። ከዚህ ክምር የሚነድ ጋዝ ይወጣል ወይ? ብቻውን ነው ወይስ ከእበት ጋር? ይህን ለማወቅ አንድ ጀሪካን አይበቃም፤ የሚነጻጸር ነገር ያስፈልጋል። ስለዚህ ሦስት ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካኖች አዘጋጀን። አንዱ እበት ብቻ፣ ሁለተኛው እምቦጭ ብቻ፣ ሦስተኛው ድብልቅ።

በእንዲህ ዓይነት ሥራ የሚያስቸግረው ክዳኑ ነው። ቱቦ በቀዳዳ አስገብቶ ዙሪያውን በማጣበቂያ መለጠፍ አያዋጣም። የጀሪካን ፕላስቲክ ማጣበቂያ አይዝም፤ ትንሽ ሲቆይ ይላቀቅና ጋዙ ሾልኮ ይሄዳል። ከተማችን የብስክሌት ከተማ ናትና መፍትሔው ያለው ጎማ ጠጋኞች ዘንድ ነው። ከተጣለ የብስክሌት ካላማዳሪ ላይ ቫልቩን ዙሪያውን ካለው ጎማ ጋር በክቡ ቆርጠን ወሰድን። ክዳኑን በጋለ ምስማር በሳን፣ ቫልቩን ከውስጥ ወደ ውጭ አሳለፍን፣ ከላይ በራሱ ዳዶ አጠበቅነው። ጎማው ራሱ ማሸጊያ ይሆናል። የቫልቩን የውስጥ ዕቃ አውጥተን የግሉኮስ ቱቦ ሰካንበት። ይህ ቱቦ ከፋርማሲ ሲገዛ መዝጊያዋ ተሽከርካሪ አብራው ስለምትመጣ ሌላ ቧንቧ መፈለግ የለም። ከዚያ በየመጋጠሚያው የሳሙና አረፋ መቀባት ነው። ጋዝ ካለ አረፋው ያብጣል። ይህ ፍተሻ በየሳምንቱ ይደገማል፤ አለዚያ "ጋዝ አልወጣም" እና "ጋዝ ሾለከ" አይለዩም።

እምቦጩን አንድ ተማሪ በፎገራ በኩል ካሉ ዘመዶቹ አስመጣልን። ያላበበውን ብቻ እንዲያመጣ ነግሬው ነበር፤ ዘሩ ለብዙ ዓመታት ሳይበላሽ ይቆያልና። ሥሩን ከነጭቃው ቆርጠን አስወገድን፣ ግንዱንና ቅጠሉን ፀሐይ ላይ አጠወለግን፣ ከዚያ ከትፈን በሙቀጫ ወቀጥነው። መውቀጡ አድካሚ ነው፤ ግን አይታለፍም። የእምቦጭ ግንድ ውስጡ አየር የያዘ ስፖንጅ ነው። ሳይወቀጥ ከገባ ላይ ተንሳፎ ይደርቅና ቱቦውን ይዘጋል።

እበቱን ከውኃ ጋር እኩል በእኩል በጠበጥነው፤ 7 ኪሎ እበት፣ 7 ሊትር ውኃ። እምቦጭ አብዛኛው ክብደቱ ውኃ ስለሆነ ለ9 ኪሎ 5 ሊትር በቃው። ድብልቁ ከእያንዳንዳቸው 4 ኪሎ፣ ከውኃ 6 ሊትር ሆነ። በሁሉም የጀሪካኑ አንድ ሦስተኛ ገደማ ባዶ ይቀራል፤ አረፋው ሲነሳ ቦታ ይፈልጋል።

የሚለካው በሃይላንድ ነው። ባለ 2 ሊትሩን በውኃ ሞልቶ ሳፋ ውስጥ መድፋት፣ ቱቦውን ከሥር ማስገባት። ጋዙ ሲገባ ውኃው ይወርዳል። ተማሪዎቹ ተራ ይዘው ይመዘግቡ ነበር።

መጀመሪያ በደንብ የተነፋው እምቦጭ ብቻ ያለው ጀሪካን ነበር። ልጆቹ ተደሰቱ። "ቲቸር፣ እምቦጩ አሸነፈ!" አለችኝ አንዷ። ክብሪት ሲቀርብለት ግን ጠፋ። ይህ ጋዝ በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። እምቦጩን ወደ አሲድ የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች ፈጣን ናቸው። ያንን አሲድ ወደሚነደው ጋዝ፣ ወደ ሚቴን የሚቀይሩት ግን ዝግ ያሉ ናቸው፤ ከከብት ሆድ ስለሚመጡም እበቱ ውስጥ እንጂ እምቦጩ ላይ እንደ ልብ አይገኙም። የሚበላው ከሌለ አሲዱ ይጠራቀማል። የፒኤች ወረቀት ስንነክር እበቱና ድብልቁ 7 አካባቢ ሲሆኑ እምቦጩ ከ6 በታች ወርዷል። ሽታውም ይናገራል፤ የኮመጠጠ ነገር ይሸታል። ብዙም ሳይቆይ ጋዝ መስጠቱን አቆመ። ጥቂት ኖራ አሲዱን ያረግበዋል፤ ባክቴሪያውን ግን አያመጣም። ከእበቱ ጀሪካን ሁለት ሊትር ያህል ስንጨምርበት ነው ቀስ እያለ ያገገመው። ለእኔ ከሥራው ሁሉ ትልቁ ትምህርት ይህ ነው። የተነፋ ጀሪካን ማስረጃ አይደለም፤ ማስረጃው ነበልባሉ ነው።

ድብልቁ እሳት የያዘው ከእበቱ ዘግይቶ ነው፤ ከያዘ በኋላ ግን በልጦታል። ደህና በሆነበት ሰሞን በቀን ሁለት ሃይላንድ፣ ማለትም 4 ሊትር ገደማ ይሰጥ ነበር። ነበልባሉ ፈዛዛ ሰማያዊ ስለሆነ ፀሐይ ላይ አይታይም። የሚያሳይ ሰው ጠቆር ያለ ክፍል ይምረጥ።

ለማቀጣጠል ጋዙን አየሩ ተጨምቆ በወጣለት የመኪና ካላማዳሪ ውስጥ አጠራቀምን። በካላማዳሪውና በበንሰን በርነሩ መካከል ውኃ ያለበት ጠርሙስ ይገባል፤ ጋዙ በውኃው ውስጥ ተንቆርቁሮ ያልፋል። እሳት ወደ ኋላ ቢመለስ እዚያ ይቆማል። በቀጥታ ከጀሪካኑ አፍ ላይ ክብሪት መጫር ክልክል ነው። ሚቴን ከ5 እስከ 15 በመቶ ሆኖ ከአየር ጋር ሲደባለቅ ይፈነዳል፤ መጀመሪያ የሚወጣው ጋዝ ደግሞ ከጀሪካኑ አየር ጋር የተቀላቀለ ነው። እሱን ውጭ መልቀቅ ነው።

ከዚያ ሒሳቡን ሰሌዳ ላይ ሠራነው። ለአንድ ጀበና የሚሆን ግማሽ ሊትር ውኃ ከ20 ዲግሪ ለማፍላት 155 ኪሎጁል ገደማ ይበቃዋል፤ በእኛ 1,800 ሜትር ከፍታ ውኃ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላልና። አየሩ ስለሚሳሳ የጋዙም ጉልበት ይቀንሳል፤ አንድ ሊትር ወደ 17 ኪሎጁል ብቻ ይሰጣል። ከሙቀቱ 40 በመቶው ውኃው ውስጥ ቢገባ 23 ሊትር ጋዝ ያስፈልጋል። በቀን 4 ሊትር ለሚሰጥ ጀሪካን የስድስት ቀን ሥራ ነው ማለት ነው። "አንድ ጀሪካን ቤተሰብ ያበስላል" የሚል ፖስተር እዚህ ላይ ይወድቃል። በገጠር ቤቶች የሚቆፈረው ጉድጓድ በሺዎች ሊትር የሚለካው ለዚህ ነው።

የሚጀመርበት ወቅት ለውጥ ያመጣል። ባክቴሪያዎቹ 35 ዲግሪ አካባቢ ይስማማቸዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ጋዙ ይተኛል። የካቲት ላይ ብትጀምሩ መጋቢትና ሚያዝያ ያግዟችኋል። ጀሪካኑን ጥቁር ቀቡት፣ ማታ በጭድ በተሞላ ማዳበሪያ ከረጢት ሸፍኑት። ኤግዚቢሽን ካለ ቢያንስ ሁለት ወር ቀድማችሁ ሙሉት።

ሲያልቅ ዝቃጩን ወደ ቦይ አትድፉት፤ ቦዩ መጨረሻው ጣና ወይም ዓባይ ነው፣ ከእምቦጩ የተረፈ ቁራጭ ደግሞ ሊበቅል ይችላል። እኛ ከውኃ ርቆ በሚገኘው የትምህርት ቤቱ ጓሮ ጉድጓድ ቆፍረን አፈር አለበስነው።