ይድረስ ለራሴ፦ ከሦስት ተከታታይ ኪሳራ በኋላ የጻፍሁት የሳምንት ደብዳቤ

ባለፈው ሳምንት ዩሮን በዶላር በምገበያይበት አካውንቴ ሦስት ግብይቶች በተከታታይ ከሰሩብኝ። ቅዳሜ ጠዋት የተለመደውን የሳምንት ደብዳቤዬን «ይድረስ ለራሴ» ብዬ ስጀምር የጻፍሁት የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር «ስትራቴጂው መሥራት አቁሟል» የሚል ነበር። የግብይት መዝገቤን ገና ሳልከፍት የደረስሁበት ፍርድ በመሆኑ ወዲያውኑ ሰረዝሁትና መዝገቡን አወጣሁ።

ሕጌ በአንድ ግብይት ከአካውንቱ 1 በመቶ በላይ እንዳላጋልጥ ያዛል። ሳምንቱን የጀመርሁት በ5,000 ዶላር ስለነበር ይህ 50 ዶላር ይሆናል። ዋጋው ሲደርስበት ግብይቱን በኪሳራ በራሱ የሚዘጋውን ትእዛዝ፣ ስቶፕ ሎሱን፣ ከመግቢያው ዋጋ በ25 ፒፕ ርቀት ስለማስቀምጥና አንድ ፒፕ በዚህ ጥንድ የ0.0001 የዋጋ ለውጥ ስለሆነ ለአንድ ፒፕ የሚደርሰው 2 ዶላር ነው፤ የግብይት መጠን መለኪያ የሆነው አንድ ሙሉ ሎት ደግሞ በዚህ ጥንድ በየፒፑ 10 ዶላር ስለሚያስገኝ ወይም ስለሚያሳጣ መግባት የሚገባኝ በ0.2 ሎት ነው። የትርፍ ግቤ 50 ፒፕ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ግብይቶች በዚሁ ልክ 50፣ 50 ዶላር ወሰዱ። ሦስተኛው ግን 160 ዶላር ወሰደ። የከፈትሁት ሁለተኛው በተዘጋ በስድስተኛው ደቂቃ ሲሆን መጠኑ 0.4 ሎት ነበር፤ «የመግቢያ ምክንያት» የሚለው ዓምድ ባዶውን ቀርቷል። ዋጋው ስቶፕ ሎሱን ሊነካ 4 ፒፕ ሲቀረው ከ25 ወደ 40 ፒፕ አራቅሁት፤ እዚያም ደርሶ ወሰደው። በደብዳቤው ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «ሦስት ጊዜ ከሰርሁ አትበል። ሁለት ጊዜ ከሰርህ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ሕግህን ጣስህ። ከጠፋው 260 ዶላር ውስጥ 110ሩ የገበያው ሳይሆን የአንተ ነው።»

ከዚያ በኋላ ስትራቴጂውን ለመክሰስ በቂ ማስረጃ እንዳለኝ መረመርሁ። ካለፉት 40 ግብይቶቼ 18ቱ አትርፈዋል፤ ይህም 45 በመቶ ነው። አንዱ የሌላውን ውጤት አይወስንም ብለን ከያዝን፣ ሦስት ግብይቶች በተከታታይ የመክሰራቸው ዕድል 0.55 በራሱ ሦስት ጊዜ ሲባዛ የሚገኘው 17 በመቶ ገደማ ነው። ከስድስት አንድ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር የስትራቴጂን መበላሸት አያስረዳም።

ብዙ ሰዓት የወሰደብኝ ግን ስቶፕ ሎሱን ለምን እንዳራቅሁት መረዳቱ ነው። መልሱ የተገኘው በመጀመሪያው ግብይት ቻርት ላይ ነው። ዋጋው ስቶፕ ሎሴን በ2 ፒፕ ብቻ አልፎ ከተመለሰ በኋላ ያለ እኔ የትርፍ ግቤ ላይ ደርሷል። ይህን እያየሁ «ትንሽ ሰፋ አድርጌው ቢሆን ኖሮ» እያልሁ ሁለት ቀን ተብሰልስያለሁ፤ ሦስተኛው ግብይት ላይ እጄን ያንቀሳቀሰውም ያው ቁጭት ነው። (ሰው ከኪሳራው ይማራል ይባላል፤ እኔ ከዚህኛው የተማርሁት የተሳሳተውን ነው።)

ቁጭቱ እውነት ይኑረው አይኑረው ለማወቅ የ22ቱን የከሰሩ ግብይቶች ቻርት አንድ በአንድ ከፈትሁ። ስቶፕ ሎሱ በ40 ፒፕ ላይ ቢሆን ኖሮ የሚተርፉትና ግባቸው ላይ የሚደርሱት ሦስቱ ብቻ ናቸው። እነዚህ በ0.2 ሎት ከ50 ዶላር ኪሳራ ወደ 100 ዶላር ትርፍ ስለሚዞሩ 450 ዶላር ያስገኛሉ። የቀሩት 19 ግን እያንዳንዳቸው 30 ዶላር ጨምረው ስለሚወስዱ 570 ዶላር ያስወጣሉ። የ120 ዶላር ልዩነት ትልቅ አይደለም፤ 22 ግብይትም ጥቂት ነው። ቢሆንም በዓይኔ የቀረው አንዱ የተመለሰው ዋጋ ሲሆን ሳይመለሱ የቀሩትን 19ኙን አንዳቸውንም አላስታውስም ነበር።

በደብዳቤው መጨረሻ ያሰፈርሁት ሁለት ትእዛዝ ብቻ ነው። በአንድ ቀን ሁለት ግብይት ከከሰረ ፕላትፎርሙ እስከ ማግስቱ ይዘጋል። ስቶፕ ሎስ ከተቀመጠ በኋላ ወደ መግቢያው ዋጋ ይጠጋል እንጂ አይርቅም። የሎቱን መጠንም በቀረው 4,740 ዶላር እንደገና አሰላሁ፤ 1 በመቶው 47.40 ዶላር ስለሆነ ለ25 ፒፕ ወደ ታች ተጠጋግቶ 0.18 ሎት ይሆናል።

ሰኞ የከፈትሁት ግብይትም ከሰረ። የወሰደው 45 ዶላር ነው፤ የመግቢያ ምክንያቱም በዓምዱ ተጽፏል።