በእጅ ሲወጋ ኢንተርናል፣ በማሽን ሲወጋ ኤክስተርናል

የምሠራበት ላቦራቶሪ አራት ኪሎ አካባቢ ነው። ድብልቅን በጋዝ መልክ የሚለያየው መሣሪያችን፣ ጋዝ ክሮማቶግራፉ፣ ናሙና በራሱ የሚወጋ አውቶሳምፕለር ስለሌለው ናሙናውን የምናስገባው በእጅ፣ በሲሪንጅ ነው። አረቄ ውስጥ ያለውን ሜታኖል ስለካ መጀመሪያ ያስቸገረኝ ይኸው ነበር።

አንድ ማይክሮሊትር ሁሌም እኩል አድርጎ መውጋት ከባድ ነው። መርፌው ውስጥ የቀረው ፈሳሽ በኢንጀክተሩ ሙቀት እየተነነ አብሮ ይገባል፤ እጅ ትንሽ ሲዘገይ መጠኑ ይለያያል። ሊትሩ ውስጥ 200 ሚሊግራም ሜታኖል ያለበትን አንዱን ስታንዳርድ ደጋግሜ ስወጋ የሜታኖሉ ፒክ ኤሪያ፣ ማለትም መሣሪያው የሚስለው ጉብታ ስፋት፣ 10,400፣ 11,900፣ 9,700 እያለ ይዋዥቃል። 10 በመቶ ያህል መበታተን ነው።

ስለዚህ ለስታንዳርዱም ለናሙናውም እኩል መጠን 3-ፔንታኖል የተባለ አልኮል እጨምራለሁ፤ ኢንተርናል ስታንዳርድ የሚባለው ይህ ነው። ፕሮፓኖል አይሆንም፤ እርሾው ራሱ ስለሚያመርተው አረቄ ውስጥ ቀድሞም አለ። የ3-ፔንታኖሉ ኤሪያ በእነዚያው መርፌዎች 20,800፣ 23,700፣ 19,500 መጣ። ሜታኖሉን በእሱ ሳካፍለው 0.500፣ 0.502፣ 0.497 ሆነ። ሁለቱ ፒኮች አብረው ስለሚወጡና ስለሚወርዱ የእጄ ስህተት ተጣፋ።

አንድ አረቄ ስወጋ ሜታኖሉ 8,280፣ ፔንታኖሉ 23,000 ሰጠኝ። ሬሾው 0.360 ነው፤ ለ0.500 አካፍዬ በ200 ሳባዛው 144 ሚሊግራም በሊትር ይመጣል። ኤክስተርናል ስታንዳርድ ብቻ ብጠቀም፣ ማለትም የአረቄውን የሜታኖል ኤሪያ በቀጥታ ለብቻው ከተወጋው ስታንዳርድ ኤሪያ ጋር ባነጻጽር ግን፣ ከ11,900ው ጋር ሳነጻጽረው 139፣ ከ9,700ው ጋር ሳነጻጽረው 171 ይል ነበር። ያው አረቄ ነው እኮ!

ይህን አይቼ ኢንተርናል ስታንዳርድን ሁሉም ቦታ መጠቀም አማረኝ። ነገር ግን የቡናን ካፌይን በፈሳሽ ክሮማቶግራፍ፣ በኤችፒኤልሲ፣ ስንለካ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ አውቶሳምፕለሩ የሚወጋው መጠን ከአንድ በመቶ በታች ነው የሚለዋወጠው። ሊስተካከል የሚገባው ስህተት ከመጀመሪያውም ትንሽ ነው። ኢንተርናል ስጨምርበት ግን የፒፔቴ ስህተትና የሁለተኛው ፒክ ኤሪያ ስህተት ይደመሩበታል። የማይገናኙ ስህተቶች አይጣፉም፣ ይከማቻሉ። ስለዚህ ካፌይኑን በኤክስተርናል እሠራለሁ። መለያዬ ቀላል ነው፦ አንዱን ስታንዳርድ ደጋግሜ እወጋና የሬሾው መበታተን ከኤሪያው መበታተን ካላነሰ ኢንተርናሉን እተወዋለሁ።

ናሙናው ብዙ ዝግጅት ካለው ደግሞ፣ ለምሳሌ በሶልቨንት ማውጣትና ማትነን፣ ኢንተርናሉ ከመጀመሪያው መግባት አለበት። መጨረሻ ላይ ከተጨመረ ቀድሞ የጠፋውን አያውቅም። መጀመሪያ ገብቶም ቢሆን፣ ከምንለካው ነገር ጋር በእኩል መጠን ካልጠፋ አይረዳም።

አዲስ ዓይነት አረቄ ሲመጣ መጀመሪያ ያለ ኢንተርናል እወጋዋለሁ። 3-ፔንታኖሉ በሚወጣበት ሰዓት ላይ ሌላ ፒክ ከታየ ያ ፒክ ከኢንተርናሉ ላይ ይደመርና ሜታኖሉን ያነሰ ያስመስለዋል። ከዚያ በኋላም የኢንተርናሉን ኤሪያ ብቻውን አየዋለሁ። በአንድ ናሙና ላይ ብቻ በግማሽ ከወረደ፣ ሬሾው ጤነኛ ቢመስልም ያንን ናሙና እደግመዋለሁ።